ለጅምላ ደንበኛዬ አዲስ የአከፋፈል ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ ከመላኬ በፊት እስቲ እዩልኝ

ካርቶን_ሻጭ

ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ የዱቄትና የፈሳሽ ሳሙና አከፋፋይ ነኝ። ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ መጋዘንና አንድ ወፍራም የዱቤ ደብተር አለኝ።

ደሴ ያሉ አንድ ደንበኛ አሉኝ፤ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በወር ሁለቴ ዕቃ ይጭናሉ፤ አንዱ ጭነት ከነቫቱ 120 ሺህ ብር ገደማ ነው። ስንጀምር በቃል የተስማማነው በ30 ቀን ነበር። 30ው ቀስ በቀስ 40 ሆነ፣ አሁን 55 እና 60 ላይ ደርሷል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስደውል «ልጄ፣ ሰኞ አስገባልሻለሁ» ይላሉ፣ ከሦስት ሰኞ በኋላ ግማሹን ያስገባሉ። ዛሬ ያለባቸው ቀሪ 286,400 ብር ነው፣ በአራት ደረሰኝ።

ድሮ እችለው ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን ዱቤው ተሰብስቦ ሲመጣ ያንኑ ያህል ካርቶን መልሶ አይገዛልኝም። ስለዚህ ለእሳቸው ደብዳቤ ልጽፍ አሰብኩ። ወንድሜ ያረቀቀልኝ ይኸውና፦

«ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ድርጅታችን ባለበት የገንዘብ እጥረት ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የዱቤ ሽያጭ በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ በየቀኑ 1% ቅጣት የሚታሰብ መሆኑን እናሳውቃለን። እስካሁን ያለብዎትም ዕዳ በዚሁ መሠረት የሚታይ ይሆናል።»

ሳነበው ሆዴ ፈራ። ምኑ ላይ እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ደብተር_ያዥ

ሆድሽ ልክ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የነጋዴ ሂሳብ ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደንበኛ ሲያባርር እንጂ ገንዘብ ሲያመጣ አላየሁም።

መጀመሪያ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ሰርዢ። የመጀመሪያውን መቼ ሰጠሽና ነው የመጨረሻ የምትይው? ሰውዬው 60 ቀን ሲቆዩ ዝም ብለሽ ጭነሻል። ዝምታሽ ለእሳቸው ስምምነት ነበር።

ሁለተኛ ስሌቱን እዪው። 120 ሺህ ብር 20 ቀን ቢዘገይ በቀን 1% ማለት 24 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ጭነት አንቺ ስንት ታተርፊያለሽ?

ካርቶን_ሻጭ

አምስት ሺህ ቢሆን ነው ጋሽ ደብተር። ፋብሪካ ዋጋ ጨምሮ መጋዘኔ ውስጥ የቀደመ ዕቃ ካለ ትንሽ ከፍ ይላል።

ደብተር_ያዥ

እንግዲህ ከትርፍሽ አምስት እጥፍ ቅጣት እየጠየቅሽ ነው። ማንም አይከፍልሽም፤ አንቺም አታስከፍዪም። አንዴ ሳታስከፍዪ ያለፍሽው ቅጣት ደግሞ ወረቀት ላይ ቢኖርም የለም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የድሮውን ዕዳ ከአዲሱ ሕግ ጋር አትቀላቅዪ። ጋሼ ያንን ዕቃ ሲወስዱ ቅጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ተነስተሽ ወደ ኋላ ስታስቢባቸው የሚታያቸው ተንኮል ነው። የድሮው ለብቻው በቁርጥ ይከፈል፤ ደብዳቤውም የሚጀምርበትን ቀን ወደፊት ያድርግ።

ዝም_አልልም

የእኔም ጉዳይ ይኸው ነው! ባንኩ ሳያሳውቀኝ ቅጣት ጨመረብኝ፤ ሁለት ወር ብቻ ዘግይቼ። የት ነው የሚከሰሰው?

ውል_አዋይ

ዝም_አልልም፣ የአንተ ባንክ ብድር ነው፤ የፈረምከውን የብድር ውል አውጥተህ የቅጣት አንቀጹን አንብብ፣ መልሱ እዚያ ነው። እዚህ የተያዘው ዕቃ ሽያጭ ነው። አዲስ ክር ክፈትለት።

ቨርጂኒያ_ጉሊት

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ለሐበሻ ሱቆች እንጀራና ቅመም አከፋፍላለሁ። እህቴ፣ ነገሩን አታካብጂው። ደረሰኙ ግርጌ ላይ «በ15 ቀን፤ ከዚያ በኋላ በወር 1.5%» ብለሽ አሳትሚ፣ አለቀ። እኛ ጋ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ደብዳቤም አያስፈልግም።

ውል_አዋይ

ወንድሜ፣ አንተ ጋ ደንበኛው መጀመሪያ ሂሳብ ሲከፍት የፈረመው ቅጽ ይኖራል፤ የደረሰኙ ግርጌ ያንን ያስታውሰዋል እንጂ አይተካውም። እሷ ጋ ግን የተፈረመ ምንም የለም፤ ያለው የሰባት ዓመት ልማድ ነው።

በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ ማለቴ ነው፣ ዝም ማለት መስማማት አይደለም፤ ቁጥር 1682 ነው። ግን 1684 ላይ ለእሷ የሚጠቅም ልዩ ሁኔታ አለ። ከበፊት ጀምሮ የሥራ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል ያለውን ውል ለማሻሻል የቀረበ ሐሳብ፣ ተቀባዩ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ካልተቃወመ እንደተቀበለው ሊቆጠር ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሐሳቡ ለብቻው በተዘጋጀ ጽሑፍ ሲቀርብና ዝም ካሉ እንደተቀበሉ እንደሚቆጠር እዚያው ሲነገራቸው ነው። የደረሰኝ ግርጌ ለብቻው የተዘጋጀ ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው ያስፈልጋል።

እኔ ብሆን ግን በዝምታ አልመካም። ሁለት ቅጂ ልኬ አንዱን በፊርማና በማኅተም አስመልሳለሁ።

ቅጣቱንም በተመለከተ፦ 1889 ሻጭና ገዢ ለመዘግየት የሚከፈለውን ካሳ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ጥቅሙ ስትጠይቂ «ይህን ያህል ተጎዳሁ» ብለሽ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ የሚቀርልሽ ሕጋዊው ወለድ ነው፤ በዓመት 9%፣ ያውም ማስጠንቀቂያ ከሰጠሽበት ጊዜ ጀምሮ።

አዳማ_ዘይት

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? ቀኑን ወደፊት አስጽፈሽ ቼክ ተቀበዪ። እኔ ከእያንዳንዱ ቸርቻሪ ቼክ ይዤ ነው የምጭነው። ደረቅ ቼክ ወንጀል ነው፣ ስለዚህ በቀኑ ይከፍላሉ።

ውል_አዋይ

ግማሹ ትክክል ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ 693 ያስጠይቃል። ግን ቼክ በሕጉ የዱቤ ሰነድ አይደለም። ወደፊት የተጻፈበት ቀን ቢኖርም ባንክ ዛሬ ካቀረብከው ዛሬ የሚከፈል ነው። ስለዚህ ደንበኛህ «ለኅዳር 30 ነው» ብሎ የሰጠህን ቼክ ሠራተኛህ ተሳስቶ በኅዳር 5 ቢያስገባው፣ አንተ እምነቱን አፍርሰሃል፣ ደንበኛህ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ለማታውቀው ሰው እሺ። የሰባት ዓመት ደንበኛ ግን ቼክ ጠይቀህ ደብዳቤ ብትጽፍለት ያነበበው ቼኩን ብቻ ነው።

አዳማ_ዘይት

እኔ እስካሁን በስህተት አስገብቼ አላውቅም። የሚከፍል ሰው ቼክ አይፈራም።

የወሎ_ቸርቻሪ

እኔ ከገዢው ወገን ነኝ፤ ደሴ አይደለሁም፣ ግን ሩቅም አይደለሁም። የእናንተን ደብዳቤ የምንቀበለው እኛ ነንና ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቀኑ ከየት ይቆጠራል? ደረሰኙን መርካቶ የቆረጣችሁት ማክሰኞ ነው። አይሱዙው ሌላ ዕቃ ጠብቆ ዓርብ ይነሳል፣ መንገድ ካልተመቸ እኔ ጋ የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናንተ 15 ቀን ስትሉ ለእኔ 8 ቀን ነው። ካርቶኑን ገና ሳልፈታ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የማን አቆጣጠር? ከኔ አከፋፋይ የሚመጣው የማሽን ደረሰኝ ላይ ቀኑ በፈረንጅ ነው፣ ደብዳቤው በኢትዮጵያ። አንድ ጊዜ 10/02 የሚለውን እኔ ጥቅምት 10 ብዬ፣ እነሱ ደግሞ ፌብሩዋሪ ብለው ተጨቃጭቀናል።

ሦስተኛው ዊዝሆልዲንግ ነው። ለግብር ብዬ ከክፍያው ቆርጬ አስቀርቼ ደረሰኙን ስልክላችሁ እንደ ጎደለ ክፍያ ትቆጥሩታላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ «ቀሪ አለብህ» እየተባልኩ ደውለውልኛል። በዚያ ላይ ቅጣት ብታስቡበት ኖሮ ዕቃ የምወስደው ከሌላ ሰው ነበር።

ካርቶን_ሻጭ

የወሎ_ቸርቻሪ፣ ሦስተኛውን እኔም አድርጌዋለሁ፤ አፈርኩ። የጋሼ ቀሪ ውስጥ ስንት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሳይታረቅ እንዳለ ነገ አያለሁ።

ደብተር_ያዥ

ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ያንን ጨርሺ። ሂሳብ ሳይታረቅ «286,400 አለብዎት» ብለሽ ጽፈሽ እሳቸው 281 ሺህ ምናምን የሚል ደብተር ይዘው ከደወሉ፣ ስለ አዲሱ ሕግ ማውራት ቀርቶ ስለ አምስት ሺህ ብር ስትከራከሩ ትውላላችሁ።

የቀኑ ነገር እውነት ነው። ዕቃው ሲደርስ በርክክብ ሰነዱ ላይ ፊርማና ቀን ይኖራል፤ ከዚያ ይቆጠር። ሾፌሩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ግን «በ20 ቀን» ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኙ ላይ «መክፈያ ቀን፦ ታኅሣሥ 10» ብለሽ በእጅ ጻፊበት። ጳጉሜን አስቢ! ነሐሴ 20 የደረሰ ዕቃ 20 ቀኑ የሚሞላው መስከረም 5 ነው። ደንበኛሽ «መስከረም 10» ብሎ በአእምሮው ይይዘዋል፤ በዚያ ላይ የዓመቱ ትልቅ በዓል መሃል ነው። ቀኑን ከጻፍሽው ይህ ሁሉ አይነሳም።

ቨርጂኒያ_ጉሊት

እሺ፣ ስለ ፊርማው ተሸንፌያለሁ፤ የእኔም ደንበኞች መጀመሪያ ቅጽ ሞልተዋል ለካ፣ ረስቼው ነው። ግን 15 ወደ 20 መቼ ሆነ?

ደብተር_ያዥ

እኔ ነኝ ያደረግሁት። 60 ቀን የለመደ ሰው 15 ብትዪው አይሞክረውም። እሳቸው በወር ሁለቴ ይጭናሉ፤ በ20 ቀን ከከፈሉ ቢበዛ ሁለት ጭነት ነው ውጭ የሚሆነው፣ 240 ሺህ። ስለዚህ የዱቤ ጣሪያ 250 ሺህ ብትዪ ከአሠራራቸው ጋር ይሄዳል፣ አያንቃቸውም።

ካርቶን_ሻጭ

ቅጣቱስ? በወር 1% ብል 120 ሺህ ብር 20 ቀን ሲዘገይ 800 ብር ነው። ወንድሜ ሳቀብኝ፤ «ይህማ ርካሽ ብድር ነው፣ እንዲዘገዩ እየጋበዝሻቸው ነው» አለኝ።

ደብተር_ያዥ

ወንድምሽ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። በዚህ ዋጋ ባንክ የሚያበድር ቢኖር አንቺም እኔም እንሰለፍ ነበር። ግን ክፍያው ሰውዬውን ለማስጨነቅ አይደለም የሚጻፈው። «ከዚህ ቀን በኋላ ገንዘቡ የእኔ ነው፣ አንተ ጋ የቆየው በኪራይ ነው» ለማለት ነው። የሚያስጨንቀው ሌላው አንቀጽ ነው፤ መክፈያው ቀን አልፎ 15 ቀን ከሞላ የሚቀጥለው ጭነት አይነሳም። ሱቃቸው ውስጥ ሳሙና ሲያልቅ ነው የሚከፍሉት።

ውል_አዋይ

1% በወር ሌላም ምቾት አለው። ለገንዘብ ብድር ሕጉ ከ12% በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ 2479 ነው። የሽያጭ መዘግየት ካሳ ብድር አይደለም ብዬ እኔ እከራከራለሁ፣ ሌላው ጠበቃ ደግሞ ወለድን በሌላ ስም ነው ብሎ ይከራከራል። 12 ላይ ከቆምሽ ሁለታችንም ሥራ የለንም።

«ቅጣት» የሚለውንም ቃል ተዪው። «የመዘግየት ክፍያ» በዪ። ያልተከፈለው ላይ ብቻ የሚታሰብ መሆኑን ጻፊ፤ ክፍያው ራሱ ሌላ ክፍያ እንደማይወልድም ጻፊ። ከፊሉን የከፈለ ሰው ላይ ሙሉውን ካሰብሽ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሊቀንሰው ይችላል፤ 1893 ከፊል ፈጽሞ ከሆነ ይፈቅድለታል።

አዳማ_ዘይት

ቅጣት ከምትጽፊ ቅናሽ ስጪ። በ5 ቀን የከፈለ 1% ይቀነስለት። ሰው ከቅጣት ይልቅ ቅናሽ ይሮጥለታል።

ደብተር_ያዥ

ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ሂሳቡን ግን ስሩት። 1% ማለት 1,200 ብር ነው፤ ከአምስት ሺህ ትርፏ ላይ ሩቡ ሄደ። ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀነስ ደግሞ በቃል አይሆንም፤ ቫቱ በሙሉ ዋጋ ተመዝግቧልና የቅናሽ ሰነድ ማውጣት አለባት። በዓመት አንዴ በበዓል ብታደርገው ይሻላል ባይ ነኝ።

አዳማ_ዘይት

ቅጣትማ ማን ይከፍላል? ሁላችሁም ወረቀት ላይ ነው ያላችሁት።

ካርቶን_ሻጭ

ሁለት ቀን ደብተር ስገለብጥ ሰነበትኩ። ሦስት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሳይመዘገብ ተገኘ፤ አንዱ ጭራሽ ፖስታው ውስጥ እንዳለ ነው። ትክክለኛው ቀሪ 279,600 ብር ሆነ። ጋሽ ደብተር ባይናገሩ ኖሮ!

ሁለተኛው ረቂቅ ይኸውና፣ ደግማችሁ ምቱኝ። ሌላው ሁሉ በተነጋገርነው መሠረት ነው፤ ያላመንኩበትን አንቀጽ ብቻ ልለጥፍ፦

«እስከ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለው ቀሪ ሂሳብ 279,600 ብር በአራት እኩል ክፍያ፣ እያንዳንዱ 69,900 ብር፣ ከኅዳር 30 ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ ይከፈላል። የሚገባው ገንዘብ ሁሉ መጀመሪያ ለቆየው ደረሰኝ ይታሰባል።»

ደብተር_ያዥ

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ወጥመድ ናት፤ አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ተከተዪኝ። ጋሼ ለአዲሱ ጭነት ብለው 120 ሺህ በቀኑ ያስገባሉ። አንቺ «ለቆየው» ብለሽ ከ279 ሺው ላይ ትቀንሺዋለሽ። አዲሱ ደረሰኝ ሳይከፈል ይቀራል፣ ቀኑ ያልፋል፣ የመዘግየት ክፍያ ይጀምራል። ሰውዬው በቀኑ ከፍለው ተቀጡ! ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ማንም አያከብረውም።

የድሮውን ለይተሽ ያዢው። ገንዘብ ሲያስገቡ የደረሰኙን ቁጥር ዲፖዚቱ ላይ ወይም በቴሌግራም ይጻፉ። ካልጻፉ መጀመሪያ መክፈያ ቀኑ ለደረሰው አዲስ ደረሰኝ፣ የተረፈው ለድሮው።

የወሎ_ቸርቻሪ

ይህችን ነጥብ አከፋፋዬ ቢያነባት ደስ ይለኛል። ስድስት ወር ሙሉ የት እንደሚገባ የማላውቀው ገንዘብ ስልክ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር፦ በደብዳቤው ላይ ምሳሌ አስገቢ። እኛ መቶኛ አንብበን አናምንም፣ ብሩን ስናይ ነው የሚገባን።

ካርቶን_ሻጭ

የመጨረሻው ይኸው። በሁለት ቅጂ አትሜ፣ ከመላኬ በፊት ራሴ እደውላለሁ። በወረቀት መጀመሪያ ሊያዩት አይገባም፤ ያሳዝናቸዋል።

«ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሠራበት የዱቤ አከፋፈል

የተከበሩ ደንበኛችን፣

ላለፉት ሰባት ዓመታት አብረውን ስለሠሩ እናመሰግናለን። በቃል ተስማምተን የነበረው የ30 ቀን ዱቤ ከጊዜ ብዛት እስከ 60 ቀን እየደረሰ ነው። እኛ ዕቃውን ከፋብሪካ የምንገዛው በቅድሚያ ከፍለን ሲሆን፣ የሽያጩንም ቫት ገንዘቡን ሳንሰበስብ በሚቀጥለው ወር ለመንግሥት እንከፍላለን። ከአንድ የ120,000 ብር ጭነት ይህ ብቻውን 15,652 ብር ነው። በዚህ መንገድ ዕቃ ሳናቋርጥ ማቅረብ ስላልቻልን የሚከተለውን አቅርበናል።

ከኅዳር 16 ጀምሮ የሚጫን ዕቃ፣ እርስዎ ጋ ደርሶ በርክክብ ሰነዱ ላይ ከፈረሙበት ቀን አንስቶ በ20 ቀን ውስጥ ይከፈላል። የመክፈያውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደረሰኙ ላይ ጽፈን እንልካለን። ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሳይከፈል የሚቆይ አዲስ ዱቤ ከ250,000 ብር አይበልጥም።

ከመክፈያው ቀን በኋላ ሳይከፈል በቀረው ገንዘብ ላይ ብቻ በወር 1%፣ በቀኑ ልክ፣ የመዘግየት ክፍያ ይታሰባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይታሰቡም። በዚህ ክፍያ ላይ ሌላ ክፍያ አይታሰብም። ለምሳሌ የ120,000 ብር ዕቃ ኅዳር 20 ቢደርስዎ መክፈያው ታኅሣሥ 10 ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 70,000 ብር፣ ቀሪውን 50,000 ብር ደግሞ ጥር 13 ቀን ቢከፍሉ፣ ሦስቱ ቀናት ተቀንሰው የ30 ቀን ክፍያ 500 ብር ይሆናል። ክፍያው ከመክፈያው ቀን 15 ቀን ካለፈው፣ እስኪስተካከል ድረስ ቀጣዩን ጭነት አናነሳም። በዚህኛው ምሳሌ ከታኅሣሥ 25 በኋላ ዕቃ አንጭንም ማለት ነው።

በሕግ ቀንሰው ያስቀሩት ዊዝሆልዲንግ፣ ደረሰኙን እስከላኩልን ድረስ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ዕቃው ላይ ጉድለት ወይም ብልሽት ካለ ከተረከቡ በ3 ቀን ውስጥ ያሳውቁን፤ በዚያ መጠን ላይ ጉዳዩ እስኪጣራ የመዘግየት ክፍያ አይታሰብም።

እስከ ዛሬ ባለው ቀሪ 279,600 ብር ላይ ምንም የመዘግየት ክፍያ የለም። በአራት እኩል ክፍያ፣ እያንዳንዱ 69,900 ብር፣ ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 30፣ ጥር 30 እና የካቲት 30 እንዲከፈል እንጠይቃለን። ገንዘብ ሲያስገቡ የደረሰኙን ቁጥር ይግለጹልን። ካልተገለጸ መጀመሪያ መክፈያ ቀኑ ለደረሰው አዲስ ደረሰኝ፣ ከዚያ ለቀድሞው ቀሪ ይያዛል።

የማይስማሙበት ነገር ካለ እስከ ኅዳር 10 ይንገሩን፤ እንነጋገራለን። እስከዚያ ተቃውሞ ካልደረሰን በዚህ እንደተስማሙ እንቆጥራለን። ቢስማሙ አንዱን ቅጂ ፈርመውና ማኅተም አድርገው እንዲመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

ውል_አዋይ

ደህና ነው። «እንደተስማሙ እንቆጥራለን» የሚለውን በደማቅ አሳትሚው፤ ትንሽ ጭካኔ ቢመስልም ያ ዐረፍተ ነገር ከሌለ 1684 አይሠራልሽም። የላክሽበትንም ማስረጃ ያዢ፤ ሾፌሩ ሲያደርስ ያስፈርም።

ቨርጂኒያ_ጉሊት

ረጅም ነው። እኔ ጋ ይህን የሚያነብ ባለሱቅ የለም።

የወሎ_ቸርቻሪ

ገንዘብ ያለበት ሰው ያነባል፤ ምሳሌዋን ደግሞ ሁለቴ ያነባታል።

ካርቶን_ሻጭ

ሰላም፣ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ወሬውን ላምጣ።

ስደውል መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔን እንደማታውቂኝ ነው የጻፍሽልኝ?» አሉኝ። እየተንተባተብኩ ስለ ቫቱ አስረዳኋቸው። ነጋዴ ናቸውና ያ ገባቸው፤ 15,652ቷን ብር ደግመው አስነበቡኝ። ስለ ፋብሪካው ቅድሚያ ክፍያ ግን «የሁላችንም ነው» ብለው አለፉት።

20 ቀኑን ወደ 25 ካልቀየርሽ አሉ፤ ገበያቸው የሚንቀሳቀሰው የወር ደመወዝ ሲወጣ ነው፣ በ25 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ደመወዝ ገበያ ላይ የመዋል ዕድሉ ሰፊ ነው ብለው። ተቀበልኩ፤ ጣሪያው ግን 250 ሺህ ላይ ቆየ። ዊዝሆልዲንጉን እኔ ተሳስቼ እንደነበር ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፃቸው የተመለሰው። ቅጂው ትናንት በሾፌሩ እጅ መጣ፣ ፊርማና ማኅተም አለበት፤ «20» ተሰርዞ «25» በእጃቸው ተጽፎ፣ ጎኑ ላይ ፈርመዋል።

ውል_አዋይ

አንቺም እዚያችው እርማት ጎን ፈርሚና ፎቶውን መልሰሽ ላኪላቸው። ያለዚያ ገና የእሳቸው ሐሳብ ብቻ ናት።

ካርቶን_ሻጭ

አሁኑኑ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል፦ የመዘግየት ክፍያ ተቀብዬ ደረሰኝ ስቆርጥ ቫት ይታሰብበታል ወይስ አይታሰብበትም? ሁለት የሂሳብ ሰው ጠይቄ ሁለት መልስ አገኘሁ።

ደብተር_ያዥ

ሦስተኛ እኔ ልጨምርልሽና ሦስት ይሁን፤ እኔ ከሽያጩ ጋር የተያያዘ ነውና ቫት አስቤበት ነው የምመዘግበው። የሚያስገብርሽን የገቢዎች ቅርንጫፍ በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን ፋይል አድርጊው።

አዳማ_ዘይት

ጎረቤትሽ 45 ቀን እየሰጠ መሆኑን ግን ነገሩሽ?

ካርቶን_ሻጭ

ነገሩኝ። ጋሼም ያውቃሉ። ትናንት ግን 90 ካርቶን አዘዋል።